ገጠመኝ ስታወሩ «ለካ»ን ቶሎ አታውጧት

ጥያቄ፦ «ገጠመኜን ለሰው ሳወራ ‹ከዛ፣ ከዛ፣ ከዛ› እያልኩ እሄድና መጨረሻው ይጠፋብኛል። ይስቃሉ ብዬ የጠበቅኩበት ቦታ ላይ ‹እሺ፣ ከዛስ?› ይሉኛል። ዓይን አፋር ሴት አይደለሁም፤ ምንድነው የጎደለኝ?»

እህቴ፣ እኔም ባወራሁት ቁጥር የሚሞትብኝ አንድ ገጠመኝ ነበረኝ። አንድ ቀን ሳወራው ስልኬ ላይ ቀድቼ ሰማሁት። 11 «ከዛ» ቆጠርኩ። የገደለው ግን «ከዛ» አልነበረም፤ አጀማመሬ ነው። «አንድ ማታ ፎቅ ተሳስቼ የሰው በር ልከፍት ስታገል...» ብዬ ነበር የጀመርኩት። ፎቅ መሳሳቴን አንዴ ካወቁ በኋላ ምን ሊጠብቁ ነው? የቀረው ሁሉ ትርፍ ወሬ ሆነ።

«ለካ» የምንላት ነገር የምትሠራው ሰሚው አንቺ ስትሳሳቺ አብሮሽ ከተሳሳተ ብቻ ነው። ስለዚህ አሁን የምታውቂውን ሳይሆን ያኔ የመሰለሽን ነው የምታወሪው። አሁን እንዲህ ነው የማወራው፦

«መብራት ጠፍቶ ነበር። በስልክ እያወራሁ ደረጃ እየወጣሁ ነበር። ቤቴ ደርሼ፣ ቁልፌን አውጥቼ ሰካሁት። ባዞረው አልዞር አለኝ። በትከሻዬ ስገፋው ከውስጥ ‹ማነው?› የሚል ወፍራም ድምፅ መጣ። ሌባ ገብቷል ብዬ ‹አንተ ራስህ ማነህ?› ብዬ ጮህኩ። ከዛ በሩ ተከፈተ። አንዲት ትልቅ እናት ጫማቸውን በእጃቸው ጨብጠው ቆመዋል። እኔን አዩኝ፤ ቁልፉን አዩት። ‹ልጄ፣ አንድ ፎቅ ይቀርሃል› አሉኝ።»

«ቤቴ ደርሼ» ማለቴን ልብ በይ። ውሸት አይደለም፤ ያኔ ቤቴ መስሎኛል። «አንድ በር ጋ ደርሼ» ብል ብልጥ ሰሚ ወዲያው ይነቃል።

«ነበር»ን ደግሞ ተመልከቺ። መጀመሪያ ላይ ሁለት ጊዜ ብቻ አለች። «ጠፍቶ ነበር» እኔ ከመድረሴ በፊት የሆነውን ትነግራለች፤ «እየወጣሁ ነበር» ነገሩ ሲጀምር ምን ላይ እንደነበርኩ። ከ«ሰካሁት» ጀምሮ ግን ነገር መንቀሳቀስ ስላለበት «ነበር» ወጣች። ድሮ «ቁልፉን ሰክቼው ነበር፣ ገፍቼው ነበር» እል ነበር። እስቲ ጮክ ብለሽ «ሰክቼው ነበር» በይ። ሰሚው «ግን...» የምትይ መስሎት ይጠብቅሻል። ሁሉም ግስ ላይ ከለጠፍሻት አምስት ጊዜ አስጠብቀሽው አንዴም አትከፍይውም።

የ«ከዛ»ን ሥራ ደግሞ ቋንቋው ራሱ ይሠራልሻል። «ደርሼ፣ አውጥቼ፣ ሰካሁት» ስትይ ቅደም ተከተሉ ውስጡ አለ። ልክ ግን አለው። «ደርሼ» እና «አውጥቼ» ብቻቸውን አይቆሙም፤ የሚያሳርፋቸው የመጨረሻው ግስ ነው። በጽሑፍ ስድስትና ሰባት ቢደረደሩ አንባቢ ወደኋላ ተመልሶ ያያል፤ በአፍ ሲነገር ግን ከሦስት ካለፈ ሰሚው መነሻውን ይረሳል፣ አንቺም ትንፋሽ ያጥርሻል። አድራጊው ሲቀየርም ይህ ሰንሰለት ይበጠሳል። የገፋሁት እኔ ነኝ፣ የመጣው ድምፁ ነው፤ ስለዚህ «ገፍቼው ድምፅ መጣ» ሳይሆን «ስገፋው ድምፅ መጣ»። እንዲህ ሳደርግ ከ11 «ከዛ» አንዷ ብቻ ተረፈች፣ በሩ ከመከፈቱ በፊት ያለችው። ብቻዋን ስትሆን ክብደት አላት፤ እሷ ላይ ትንሽ ዝም እላለሁ።

አጨራረሱ ላይ ብዙ ሰው «ምን አሉኝ መሰላችሁ?» ይላል። እኔ አልወደውም። ትልቅ ነገር ያስጠብቅና የእኔዋ አጭር አባባል አትሸከመውም። ንግግራቸውን እንዳለ ተናግሬ «አሉኝ» ላይ ድምፄን አወርዳለሁ፣ አለቀ። ሴትዮዋ «ለካ»ን በራሳቸው አፍ ስለተናገሩልኝ እኔ አልደግማትም። አንቺ ገጠመኝ ውስጥ እንዲህ የሚናገርልሽ ሰው ከሌለ «ለካ ፎቅ ተሳስቼ ኖሯል» የሚለውን ዓይነት ዓረፍተ ነገር የመጨረሻው አድርጊው፤ ከሱ በኋላ ማብራሪያ አትጨምሪ።

ከባዱ ይሄ ነው። ሳቁ እስኪመጣ አንድ ሁለት ሰኮንድ ጸጥታ አለች፤ «እና በቃ፣ እንደዛ ነው» የምትለው ነገር አፍ ላይ የምትመጣው ያኔ ነው። እኔ እስካሁን አልተላቀቀችኝም። ብርጭቆ አጠገቤ አስቀምጣለሁ፤ «አሉኝ» እንዳልኩ ውኃ እጠጣለሁ።