ጡረታ ስንወጣ ማን ያሳክመናል? ከደሴና ኮምቦልቻ የመጡ ጥያቄዎች

የምኖረው ደሴ ነው። አብዛኛው የሥራ ዘመኔ ያለፈው ሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ውስጥ ነው። የሰው ጡረታ ሳስጨርስ ኖሬ አሁን እኔም ጡረተኛ ነኝ። ስለ ሕክምና የጠየቃችሁኝን እነሆ።

«እትዬ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ሰኔ ላይ 60 ይሞላኛል። ግፊትና ስኳር አለብኝ፤ እስካሁን የሚያሳክመኝ ፋብሪካው ነው። ጡረታ ስወጣ ይቀጥላል?»

አብሽር ወንድሜ፤ ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ አይቀጥልም። ፋብሪካው እርስዎን የሚያሳክመው ሠራተኛው ስለሆኑ ነው። ግዴታው ያለው በኅብረት ስምምነቱ ወይም ከመድን ድርጅት ጋር በገባው የቡድን ውል ላይ ነው። ከሥራ ሲሰናበቱ ስምዎ ከዝርዝሩ ይወጣል። የባለቤትዎም ስም አብሮ ይወጣል። በየወሩ የሚያገኙት ጡረታ ደግሞ ገንዘብ ነው እንጂ የሆስፒታል ወጪ አይሸፍንም። ይህን ብዙ ሰው የሚያውቀው መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ስለዚህ ሰኔን አይጠብቁ። መጀመሪያ የኅብረት ስምምነቱን ከሠራተኛ ማኅበሩ ወስደው የሕክምናውን አንቀጽ ያንብቡ። አንዳንዱ ስምምነት ስለ ጡረተኛ የሚለው ነገር ሊኖረው ይችላል። ከዚያ ሽፋኑ ሳይቋረጥ ሙሉ ምርመራዎን ይጨርሱ። ዓይንዎን፣ ኩላሊትዎን፣ እግርዎን ይታዩ፤ ስኳር ያለበት ሰው እነዚህን መዝለል የለበትም። የሚከታተልዎት ሐኪም የሕመምዎን ዓይነት፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና መጠኑን በአንድ ወረቀት ጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ ይስጥዎት። ያ ወረቀት ከሌለ አዲስ ጤና ጣቢያ ሄደው ክትትሉን ከዜሮ ነው የሚጀምሩት።

«የምን መጨነቅ ነው? ጡረተኛ 1 በመቶ ከፍሎ ይታከማል፣ አዋጅ ወጥቷል እኮ!» (የሰኞ ገበያ ነዋሪ)

ግማሹ ልክ ነው። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ወጥቷል፣ በ2005 ደግሞ ደንብ ተከተለው። ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ፣ ጡረተኛው 1 በመቶ፣ ለጡረተኛው ደግሞ መንግሥት 1 በመቶ እንዲከፍሉ ይላል። ችግሩ ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ እየተላለፈ መኖሩ ነው። የጡረታ ክፍያዎን ይመልከቱ፤ ለጤና መድን የተቆረጠ ገንዘብ ከሌለ በዚህ አዋጅ የሚያሳክምዎት የለም። አዋጁን ተስፋ አድርጎ ዓመት ሙሉ ያለ ሽፋን የተቀመጠ ሰው አውቃለሁ። እንደዚያ እንዳይሆኑ።

«ታዲያ ምን ቀረልን?»

የቀበሌው የጤና መድህን፣ ማለትም ማኅበረሰብ አቀፉ። ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም፤ በ2003 ሙከራው በአገሪቱ ሲጀመር ከተመረጡት ጥቂት ወረዳዎች አንዷ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነበረች። የሚመዘገበው ሰው ብቻውን ሳይሆን ቤተሰቡ ነው። ባልና ሚስት፣ 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆችም በአንድ ክፍያ ይገባሉ። ከዚያ በላይ ሆኖ እቤት ያለ ልጅ ተጨማሪ ይከፈልለታል።

የኮምቦልቻውን ወንድሜን ነገር ልውሰድ። ባለቤቱና 21 ዓመት የሆናት ልጁ አብረውት ይኖራሉ ብሎ ጽፎልኛል። ስለዚህ የቤተሰቡን መዋጮ ይከፍላል፣ ለልጁ ደግሞ ተጨማሪውን። ፎቶ፣ የቀበሌ መታወቂያና የጡረታ ማስረጃ ይዞ ይሂድ። ሲጠየቅ በግልጽ «ጡረተኛ ነኝ፣ የአሠሪ ሕክምና የለኝም» ይበል። ደረሰኙን እንዳይጥለው፤ መታወቂያው እስኪወጣ የከፈለበት ማስረጃ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፦ ምዝገባና እድሳት በአብዛኛው የሚካሄደው በዓመት አንድ ወቅት ነው። አዲስ አባል ደግሞ በከፈለ ማግስት አይታከምም፣ የሚጠብቀው ጊዜ አለ። የፋብሪካው ሽፋን ሰኔ ላይ ካበቃና የቀበሌው ምዝገባ ከወራት በኋላ ከሆነ፣ መሃሉ ባዶ ነው። የሚሻለው ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ባለው ምዝገባ ይቀበሉት እንደሆነ ቀበሌውን መጠየቅ ነው። ለጥቂት ወራት ሁለት ሽፋን ቢኖረው ምንም አይጎዳውም። ካልተሳካ ለዚያ ክፍተት የሚሆን የመድኃኒት ገንዘብ ለብቻው ያስቀምጥ።

«የኔ ጎረቤት ጡረተኛ ናቸው፣ ተመዝግበዋል። እኔን ግን ‹የመንግሥት ሠራተኛ ነበርክ› ብለው መለሱኝ።» (ጡረተኛ መምህር፣ ደሴ)

ይህ እኔንም ያናድደኛል። ምክንያቱ አዋጁ ጡረተኛን ከማኅበራዊው መድን ጋር ስለመደበው ነው። ያኛው አልጀመረም፣ ይኼኛው «የኛ አይደለህም» ይላል። መሥሪያ ቤትዎ ይጽፍልዎት የነበረው የሕክምና ደብዳቤም በሥራ ላይ ላለ ሠራተኛ ነው። ቃል ብቻ ሰምተው አይመለሱ። ጥያቄዎን በጽሑፍ ለቀበሌው ያስገቡ፣ ቀጥሎ ከተማው ጤና መምሪያ የጤና መድህኑን የሚይዙት ጋ ይሂዱ። የጎረቤትዎን ምዝገባም ይጥቀሱላቸው። መልሳቸውን ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል፤ እኔም እስካሁን አንድ ወጥ አሠራር አላየሁም።

«እኔ ደግሞ ጆሮዬ በማሽን ድምፅ ተጎድቶ ነው የወጣሁት። መድህኑ ይከፍለኛል?»

የእርስዎ ነገር ሌላ ነው ወንድሜ። በሥራ ምክንያት የመጣ ጉዳት የአሠሪው ኃላፊነት ነው፣ የጉዳት ጡረታም ሊያስገኝ ይችላል። ወደ ቀበሌ ሳይሆን ወደ ግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ይሂዱ። ጉዳቱ በሥራ ላይ ሳሉ ተመዝግቦ፣ የሐኪሞች ቦርድ አይቶት ከሆነ ነገሩ ይቀልልዎታል። ካልሆነ የሠራተኛ ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ፤ ቀነ ገደብ ስላለው ዛሬ ነገ አይበሉ።

«መታወቂያ ይዤ በቀጥታ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ብሄድስ?»

መጀመሪያ ጤና ጣቢያዎ፣ ከዚያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ነው። ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር ያለ ሪፈር የሄደ ሰው ከወጪው እስከ ግማሽ ድረስ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ለግፊትና ለስኳር ግን ሆስፒታል መሮጥ አያስፈልግም፤ ክትትሉ ጤና ጣቢያም አለ።

መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፈኑም። መድኃኒት ከጤና ጣቢያው ሲጠፋ የግል ፋርማሲ ይልኩዎታል፤ ዋጋውም ያኔ የእርስዎ ነው። ሁልጊዜም «የለም» የተባለበት ማዘዣ ላይ ማኅተም ያስመቱ። የሚመልስልዎት ካለ በዚያ ነው የሚጠየቀው። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ግን መድህን ኖረም አልኖረም ነፃ ነው።

«እትዬ፣ አባቴን አዲስ አበባ ወስጄ እኔ ጋ ላኖረው ነው። የኮምቦልቻው መታወቂያ እዚህ ይሠራል?»

ልጄ፣ መታወቂያው የሚሠራው መድህኑ ውል በገባባቸው ተቋማት ነው። በሪፈር ወደ አዲስ አበባ የተላከ ሰው ሌላ ነገር ነው፤ መጥቶ የሚኖር ሰው ግን የኮምቦልቻውን ተማምኖ መቀመጥ የለበትም። መሸኛውን ከቀበሌው ይዞ ይምጣ፣ አንቺ ባለሽበት ወረዳ ለሚቀጥለው ምዝገባ ይግባ። እስከዚያ የኮምቦልቻውን አታቋርጪ፣ የሐኪሙን ማጠቃለያ ወረቀትም ሳትይዢ እንዳትመጪ።