ስንት ሳንቲም ይሁን? የወንበር፣ የጠረጴዛና የኪችን ጥያቄዎቻችሁ

«ወንበሮቼ መቀመጫቸው 45 ሳንቲም ነው። የምግብ ጠረጴዛ ላሠራ ስል አናጢው ቁመቱን ንገረኝ አለኝ። ስንት ልበለው?» (ከደብረ ብርሃን)

74 ወይም 75 ይበሉት። የጠረጴዛ ቁመት የሚነሳው ከወንበሩ ነው። ከመቀመጫው እስከ ጠረጴዛው ገጽ ከ28 እስከ 30 ሳንቲም ካለ፣ ትከሻ ሳይነሳ ክንድ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል።

አናጢው ሳይጠይቅዎ የሚያልፈው ሌላ ልክ አለ፤ ከገጹ ሥር እግሮቹን የሚያያይዘው ጣውላ ነው። ጠረጴዛው 75፣ ገጹ 3፣ ጣውላው 10 ሳንቲም ከሆነ ለጭንዎ 17 ሳንቲም ይተርፋል፤ ይበቃል። ለጥንካሬ ብሎ 15 ካደረገው ግን የሚተርፈው 12 ነው። ያኔ ጭን አልገባ ስለሚል እንግዳዎ ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ፣ አጎንብሶ ይበላል።

«ኪችኔ በ90 ሳንቲም ተሠራ። ሽንኩርት ስከትፍ ትከሻዬን፣ ዕቃ ሳጥብ ወገቤን ያመኛል። ከፍ ብሏል ወይስ ዝቅ?» (ከሸዋ ሮቢት)

ለመክተፊያ ከፍ፣ ለማጠቢያ ዝቅ ብሏል። 90 የተለመደ ልክ ነው፤ የእርስዎ ልክ ግን ክርንዎ ነው። ኪችን የሚገቡበትን ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ክንድዎን አጥፈው ከክርንዎ እስከ ወለሉ ያስለኩ። መክተፊያ ከዚያ ከ10 እስከ 15 ሳንቲም ዝቅ ማለት አለበት።

ክርንዎ 97 ላይ ነው እንበል። 3 ሳንቲም የሚወፍር መክተፊያ ሲጨመር ቢላዋው የሚሠራው 93 ላይ ነው፤ ከክርን በ4 ሳንቲም ብቻ ስለሚያንስ ትከሻ ይነሳል። ሲንክ ላይ ግን እጅ የሚሠራው ጠርዙ ላይ ሳይሆን ታች ነው። ጥልቀቱ 18 ከሆነ 72 ላይ ይደርሳል፣ ወገብም ይታጠፋል። ስለዚህ ሁሉንም አስቆርጦ ዝቅ ማድረግ ወገብዎን ይብስበታል።

መክተፊያው ፊት ለፊት ብቻ 6 ሳንቲም ከፍታ ያለው፣ የማይነቃነቅና ሁለት እግር በምቾት የሚያስቆም የእንጨት መድረክ ያሠሩ። ሲንክ ውስጥ ደግሞ 8 ሳንቲም የሚያህል ርብራብ ከታች ያስገቡና ሳህኑን እዚያ ላይ ይጠቡ። ሊጥ ማሸትስ? ከላይ በሰውነት ክብደት መጫን ስለሚፈልግ ከክርን 20 ሳንቲም ያህል ዝቅ ይላል፤ ለእርስዎ ቁመት የምግብ ጠረጴዛው ከኪችኑ ይሻላል።

«ብርዱ ስለበረታ ወንበሮቹ ላይ አጎዛ አነጠፍን። አሁን እግሬ ይደነዝዛል።» (ከመንዝ)

መቀመጫ ከቋንጃ እስከ ወለል ካለው ቁመት ማለፍ የለበትም። አጎዛው ሰው ተቀምጦበት ከተረገጠ በኋላም 3 ሳንቲም ከቀረው 45 የነበረው 48 ሆኗል። ተረከዝ ይነሳል፣ የወንበሩ ጠርዝ ጭንን ከሥር ይጫናል፤ የሚያደነዝዘው እሱ ነው። አጎዛውን ወደ መደገፊያው ያዙሩት፣ ወይም ከእግርዎ ሥር 3 ሳንቲም ጣውላ ያድርጉ። እግርዎ መሬት ይዞ፣ መዳፍዎ በጭንዎና በጠርዙ መካከል ሳይጨናነቅ ከገባ ተስተካክሏል።