ጥያቄና መልስ፦ ደካማ የደንበኞች ዝርዝር ማስታወቂያን ለተሳሳተ ሰው ሲያደርስ

ከኮዬ ፈጬ፣ የኩሽና ካቢኔ ሠሪ፦ 2,400 ስልክ ቁጥሮች ጭኜ ፌስቡክ ደንበኞቼን የሚመስሉ ሰዎች እንዲፈልግልኝ አደረግሁ። የሚደውሉልኝ ግን ሥራ ፈላጊዎችና ደላሎች ናቸው። ዝርዝሬ አንሶ ይሆን?

ቁጥሩስ ይበቃል። ሜታ ከአንድ አገር ቢያንስ 100 ሰው ይጠይቃል፤ የሚመክረውም ከ1,000 እስከ 5,000 ነው። ችግሩ ያለው ዝርዝሩ ውስጥ በገቡት ሰዎች ማንነት ነው። የላኩልኝን ፋይል ከፋፍዬ ስመለከተው፣ ካቢኔ አሠርተው ሙሉ ክፍያ ፈጽመው የተረከቡት 410 ናቸው። 700 ያህሉ ዋጋ ጠይቀው የቀሩ፣ 900 ያህሉ ለበዓሉ ሽልማት ስልካቸውን የሰጡ፣ ቀሪዎቹ ደግሞ ደላሎች፣ አናጺዎችና እንጨት አቅራቢዎች ናቸው። ፌስቡክ ገዢውን ከጠያቂው የሚለይበት መንገድ የለውም፤ የሰጡትን ሁሉ ደንበኛ ብሎ ተቀብሎ የጋራ ጠባያቸውን ይፈልጋል። ከስድስቱ አምስቱ ገዢ ካልሆኑ፣ የሚያገኝልዎ ሽልማት የሚወዱ ሰዎችንና የሙያ ባልደረቦችዎን ነው። ስለዚህ 410ሩን ብቻ በአዲስ ፋይል ይጫኑ።

ከሰበታ፦ እኔ የማውቀው ዝርዝር በበዛ ቁጥር ውጤቱ ይሻላል። 2,000 ሰው መጣል ኪሳራ አይደለም?

ብዛት የሚጠቅመው ሰዎቹ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ነው፤ እስከዚያ ድረስ አባባልህ ልክ ነው። ከ410ሩ ውስጥም የፌስቡክ መለያቸው የሚገኘው የተወሰኑት ብቻ ስለሆኑ፣ ቁጥሩን ማሳደግ ያስፈልጋል። ነገር ግን የሚጨመረው ከየት ነው? በመጀመሪያ ከድሮ ደረሰኞች የቆዩ ገዢዎች ይለቀሙ። ቀጥለው ቀብድ የከፈሉና ዕቃቸውን የሚጠብቁ ይግቡ። ዋጋ ጠይቀው የጠፉትን እኔ አላስገባም።

ከገላን፦ የእኔ ቁጥሮች ሁሉም ትክክል ናቸው፣ በየቀኑ እደውልባቸዋለሁ። ሲጫኑ ግን ያሳየኝ መጠን ከዝርዝሬ በጣም ያነሰ ነው።

ለመደወል ትክክል የሆነ ቁጥር ለማዛመድ ትክክል ላይሆን ይችላል። ቁጥሩ የአገር መለያውን 251 መያዝና ከፊቱ ያለውን ዜሮ መተው አለበት። ኤክሴል ደግሞ ብዙ ጊዜ ዜሮውን በራሱ ይጥልና 9 አሃዝ ብቻ ያስቀራል፤ ያኔ የየት አገር ቁጥር እንደሆነ አይታወቅም። ቁጥሮቹ በA ዓምድ ካሉ፣ አጠገቡ ባለው ዓምድ ይህን ይጻፉ፦

```
="251"&RIGHT(SUBSTITUTE(A2," ",""),9)
```

በ09 የጀመረውንም፣ በ07 የጀመረውንም፣ +251 ያለበትንም አንድ መልክ ያስይዛል። በአንድ ሳጥን ሁለት ቁጥር የጻፉበት ካለ ግን አስቀድመው በሁለት ዓምድ ይለያዩት፤ አለበለዚያ የመጨረሻውን ብቻ ይወስዳል። `country` የሚል ዓምድ ጨምረው `ET` ይሙሉበት።

ከዚህ በኋላም መጠኑ ካልጨመረ፣ የሰጡዎት ስልክ ፌስቡክ የከፈቱበት አይደለም ማለት ነው። ብዙ ሰው መለያውን የከፈተው በቀድሞ ስልኩ ወይም በኢሜይል ነው። ባል ከፍሎ፣ ቀለሙንና ዲዛይኑን ሚስት መርጣ የምትሄድበት ቤትም ብዙ ነው። ደረሰኝ ሲቆርጡ ሙሉ ስምና ኢሜይል፣ ከተቻለም የሁለተኛውን ሰው ስልክ በፈቃዳቸው ይመዝግቡ።

ከሱሉልታ፣ ዶሮ አርቢ፦ የደንበኞቼን ጓደኞች የሚያመጣልኝ ከሆነ ለእኔ ጥሩ ነው፤ አርቢዎች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ።

እናቴ፣ ጓደኞቻቸውን አይደለም የሚፈልገው፤ በፌስቡክ አጠቃቀማቸውና በመረጃቸው የሚቀራረቡ ሰዎችን ነው፣ ፈጽሞ ባይተዋወቁም። የእርስዎ ጉዳይ ግን ሌላ ነገር ያስታውሰኛል። ለፋሲካ አምስት ዶሮ የወሰደችው እናትና በየዙሩ 500 የ45 ቀን ጫጩት የሚወስደው አርቢ በዝርዝርዎ እኩል አንድ አንድ መስመር ናቸው። እያንዳንዱ እስካሁን በጠቅላላው የከፈለውን ብር `value` በሚል ዓምድ ያስገቡና ዋጋን መሠረት ያደረገውን አማራጭ ይምረጡ፤ ፍለጋው ወደ ትልልቆቹ ገዢዎች ያጋድላል። አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠን ትልቅ ትእዛዝ ካስገቡ ግን ያሳስታል፤ ለአንድ ድርጅት የሸጡትን ብቸኛ ሽያጭ ያውጡት።

ከለገጣፎ፦ ፌስቡክ ደንበኞቼን የሚመስሉ ሰዎችን ሲፈልግ ስንት በመቶ እንደምፈልግ ይጠይቀኛል፤ 1 በመቶ ልምረጥ ወይስ 10?

መቶኛው የሚሰላው ከመላው ኢትዮጵያ ነው፤ 1 በመቶ ለዝርዝሩ በጣም የሚቀርቡት ናቸው። በላዩ ላይ ለገጣፎን ብቻ ሲመርጡ ግን የሚቀረው ሰው ጥቂት ይሆንና ያው ሰው ማስታወቂያውን ደጋግሞ ያያል። እኔ በ1 በመቶ ጀምሬ አካባቢውን እስከ አያትና ሲኤምሲ ማስፋትን እመርጣለሁ።

ከሰበታ፣ በድጋሚ፦ እኔ 5 በመቶ አድርጌ ሰበታ ላይ ብቻ ስወስነው የተሻለ ሠርቶልኛል።

ሊሆን ይችላል፤ ሰበታ ላይ ሞክሬ አላውቅምና አልከራከርህም። ሁለቱን በአንድ ማስታወቂያና በእኩል በጀት አወዳድረህ ከሆነ፣ የቆጠርከው የደወሉትን ነው ወይስ ቀብድ የከፈሉትን?