አንድ ምንባብ፣ ሦስት ዓይነት ሥራ፦ ከአምስተኛ ክፍል ልምዴ

«ሰላም መምህራን። ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል አማርኛ ተሰጥቶኛል። 60 ተማሪ አለኝ። ገሚሱ ገና ፊደል እየለቀመ ነው የሚያነበው፣ ጥቂቶቹ ደግሞ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጨርሰው ይረብሻሉ። አንብቦ መረዳትን በሦስት ደረጃ ከፍሎ ያስተማረ ካለ እንዴት እንደሠራው ይንገረኝ።»

ወንድሜ፣ ይሄ የኔ የዛሬ አራት ዓመት ክፍል ነው። እኔ 58 ነበሩኝ። ስለ ቡድን አቀማመጥ ሌሎቹ ይነግሩሃል። እኔ አንድ መንፈቀ ዓመት ሙሉ የከፈልኩበትን ልንገርህ።

1. በፈተና ውጤት እንዳትከፍላቸው። እኔ ያደረግሁት እሱን ነው። ያለፈውን ዓመት ሮስተር አውጥቼ ከላይ ያሉትን አንድ ቡድን፣ መሀል ያሉትን አንድ ቡድን፣ ከታች ያሉትን አንድ ቡድን አደረግሁ። ለታችኞቹ «ምንባቡን ገልብጡ» እላቸው ነበር። ለላይኞቹ ጥያቄ አበዛባቸው ነበር። ከታችኞቹ መሀል ከገጠር መጥቶ አክስቱ ዘንድ የሚኖር ልጅ ነበር። በጣቱ እየጠቆመ፣ ፊደል በፊደል ነው የሚያነበው። ከላይኞቹ ደግሞ እንደ ዜና አንባቢ የምታንበለብል ልጅ ነበረችኝ። አንድ ቀን መጽሐፉ ስላልበቃን ራሴ ያዘጋጀሁትን አጭር ምንባብ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸውና ጠየቅኋቸው። ያ ልጅ እጁን አወጣ። አጥርቶ መለሰ። አንበልባይዋ ግን ዝም አለች። ለካ እኔ የለካሁት ፊደል መፍታትን ብቻ ኖሯል። መረዳታቸውን አንድም ቀን አላየሁትም። ልጁን አራት ወር ሙሉ ያስገለበጥኩት አሁንም ይቆጨኛል።

2. ስለዚህ መጀመሪያ አስነብባቸው፣ ግን ጆሮህን የሚጠብቁና የሚላሉ ቃላት ላይ አድርግ። የኛ ጽሑፍ ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። ልጁ ካልገባው ቃሉን በትክክል ሊያነበው አይችልም። ይሄ ለኛ ትልቅ መፈተኛ ነው። የኔ ምንባብ እንዲህ ነበር የሚለው፦

«አባቴ ሰፊ ነው። የሚሠራው ገበያው ዳር፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ገና ሲደርስ ሥራ ይበዛበታል። ባለፈው ዓመት የበዓሉ ዋዜማ የጎረቤታችን ልጅ የታናሽ ወንድሟን ሱሪ ይዛ መጣች። ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። አባቴ ወረፋ የያዙትን ልብሶች ወደ ጎን አድርጎ የእሷን አስቀደመ። ልትከፍለው ስትል ‹ለበዓሉ ሽንኩርት ግዙበት› አላት። ማታ እናቴ ይህን ስትሰማ ምንም አላለችም። ቡና አፈላች።»

አንበልባይዋ «ሰፊ»ን አጥብቃ አነበበችው። አባትየው እንደ ሜዳ ሰፋ ማለት ነው! ደግሞ አልቆመችም። «ገና ሲደርስ»ንም አላልታ፣ አሁን ገና እንደ መድረስ አድርጋ አለፈችው። የገጠሩ ልጅም መጀመሪያ «ሰፊ»ን አጥብቆታል። «ልብሶች» የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ጣቱን መልሶ ወደ ላይ ወሰደና አላልቶ ደገመው። ከዚያ ቀጠለ። ያ ወደ ኋላ መመለስ ነው መረዳት ማለት። ማንም ሳይነግረው ራሱን አረመ።

60 ልጅ እንዴት ይዳረሳል ትለኝ ይሆናል። ሌሎቹ የክፍል ሥራ ሲሠሩ በቀን አምስት ልጅ ጠረጴዛህ ጋ ጥራ። ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። በ12 የትምህርት ቀን ታልቃለህ። ማስታወሻህ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ጻፍ፦ ሲያነብ ይፈሳል ወይስ ይለቅማል፣ ያነበበውን በራሱ ቃል ይነግርሃል ወይስ አይነግርህም። እያነበበ የማይገባው ልጅ የላይኛው ቡድን አይደለም። እየለቀመ የሚገባው ልጅም የታችኛው አይደለም። እሱን መሀለኛው ቡድን ውስጥ ደህና ከሚያነብ ልጅ ጎን አስቀምጠው። ፊደሉን ደግሞ ለብቻ፣ በማጠናከሪያ ሰዓት አስይዘው።

3. ምንባቡ ለሁሉም አንድ ይሁን። ሦስት ምንባብ ካዘጋጀህ መጨረሻ ላይ አብረው የሚያወሩበት ነገር አይኖርም። ደረጃውን የሚለየው የጥያቄው ብዛት ሳይሆን መልሱ የሚገኝበት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ሥራ መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቁጭ ያለ ነው፦ አባትየው የት ነው የሚሠራው? ዓረፍተ ነገሩን ፈልገው ቁጥሩን ይጻፉ። ሁለተኛው ሁለት ዓረፍተ ነገር ማገናኘት ይጠይቃል፦ «የእሷን አስቀደመ» ሲል የማንን ምን? ጉልበቱ ላይ የተቀደደው ምንድን ነው? ብዙ ልጅ «የአባትየው ጉልበት» ይልሃል። እዚያ ላይ ነው የሚሰናከሉት። ሦስተኛው መልሱ አልተጻፈም፦ እናትየው ለምን ዝም አለች? ተናዳ ነው ወይስ ደስ ብሏት? ከምንባቡ ማስረጃ አምጡ።

ሁሉንም መጀመሪያ አንዴ ጮክ ብለህ አንብብላቸው። ይሄን እንዳትዘለው፤ የሚለቅሙት ልጆች ታሪኩ ውስጥ የሚገቡት በዚህ ነው። ከ40 ደቂቃው አምስቱ ለዚህ ይሂድ። 15 ደቂቃ በየሥራቸው ይቆዩ። ቶሎ የጨረሰ ወደሚቀጥለው ሥራ ይለፍ፣ ከልካይ የለበትም። የቀረው ጊዜ የእናትየው ጥያቄ ላይ ለሁሉም ነው፣ በቃል። የኔ የመጀመሪያው ቡድን ልጆች እዚህ ላይ እንደ ሌላው እጅ ያወጡ ነበር፣ ምክንያቱም ለዚህ ጥያቄ መጻፍ አያስፈልግም። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ ቡድኑን አንቀሳቅስ። «ጎበዝ» «ደካማ» የሚል ስም አታውጣለት። ቀለምም ብትሰጣቸው ሦስት ቀን አይፈጅባቸውም፣ ያውቁታል። የሚያድናቸው መንቀሳቀሱ ነው።

4. ስለ ዕቅዱ ልንገርህ፣ እዚህ ላይ ብዙ ተንገላትቻለሁ። ሦስቱን ሥራ ሦስት ዓላማ አድርጌ ጻፍኩና አንድ ሱፐርቫይዘር ክፍል ውስጥ፣ ተማሪዎቼ ፊት፣ ዕቅዴን ከፍ አድርጎ ይዞ «ይሄ የሦስት ክፍል ዕቅድ ነው፣ አንቺ የትኛውን ነው የምታስተምሪው?» አለኝ። ልጆቹ ዝም ብለው ያዩኝ ነበር። ወረቀት ለማባዛት ስሄድም «ለአንድ ክፍል ሦስት ዓይነት ወረቀት አናባዛም» ተባልኩ። አንዱንም አላባዙልኝም። አሁን ዓላማው አንድ ነው፦ «ተማሪዎች ከምንባቡ ማስረጃ ጠቅሰው ጥያቄ ይመልሳሉ»። ሦስቱን ሥራ የተማሪ ተግባር በሚለው ረድፍ ውስጥ አስገባቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ማንም አንድ ቃል አልተናገረኝም። ምንባቡን በማርከር ትልቅ ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ፣ ዓረፍተ ነገሮቹን ከ1 እስከ 9 ቁጥር እሰጣቸዋለሁ፣ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ። ፎቶ ኮፒ ቤት አልሄድም።

እርማቱን ደግሞ አታብዛው። ከየቡድኑ አንድ ጥያቄ ብቻ አርም። ከሁለተኛው ቡድን «የእሷን» የምትለዋን፣ ከሦስተኛው ማስረጃውን። የገጠሩ ልጅ የዚያን ቀን በቃሉ ያለኝን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፦ «እናቱ ብትናደድ ኖሮ ቡና አታፈላም ነበር።»