ሰውየው ሄደ፣ ጥላው ቀረ
*የፎቶ ጥያቄዎቻችሁ*

«የሠርግ ፎቶዬ ላይ ከኋላዬ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ቆሟል። ስቴብል ዲፊውዥን በሚባለው ምስል ሠሪ ኤአይ እሱን ብቻ ቀብቼ "ሰውየውን አጥፋ" ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ሌላ ሰውዬ አመጣልኝ!»

ሳቄ መጣ፣ ይቅርታ። የምትጽፊለት ፕሮምፕት ትእዛዝ አይደለም፣ መግለጫ ነው። «ሰው» ብለሽ ስትጽፊ ሰው ይሥላል። እዚያ ቦታ ላይ እንዲታይ የምትፈልጊውን ጻፊ፤ ለምሳሌ `green hedge, blurred background`።

ሌላው ጣጣ ጥላው ነው። ሣሩ ላይ ያለውን ጥላ ሳትቀቢ ከተውሽው፣ ሞዴሉ ዙሪያውን አይቶ ስለሚሞላ ለጥላው ባለቤት ይፈልግለታል። ጥላውንም ቀቢው፣ ከሰውየው ጠርዝም ትንሽ አልፈሽ ሂጂ። ከፕሮግራሙ ማስተካከያዎች `Masked content` የሚለው `original` ላይ ከሆነ የሚነሳው ከራሱ ከሰውየው ቀለም ነው። `fill` አድርጊው፤ በዙሪያው ቀለም ይጀምራል። የለውጡን መጠን የሚወስነውን `Denoising strength`ን ደግሞ ወደ 0.9 ከፍ አድርጊው። 0.3 ላይ ከሆነ ሰውየው ልብስ ቀይሮ ይመለሳል እንጂ አይሄድም።

«የቀባሁት ግድግዳውን ብቻ ነው። የልጄ ፊት ግን ትንሽ የተለወጠ መሰለኝ። ዓይኔ ነው?»

ላይሆን ይችላል። ሞዴሉ የሚሠራው በፎቶው ላይ ሳይሆን በተጨመቀ ቅጂው ላይ ነው። 512 በ512 ፒክስል የሆነ ምስል ወደ 64 በ64 ይወርዳል። ተመልሶ ሲዘረጋ ቅንድብ፣ ሽፋሽፍት፣ የጽሑፍ ፊደል ትንሽ ይዛነፋሉ፤ ያልቀባኸውም ጭምር። ጥሩ ፕሮግራም ከማስኩ፣ ማለትም ከቀባኸው ቦታ፣ ውጭ ያለውን ከዋናው ፎቶ መልሶ ይለጥፋል። የማይለጥፍም አለ።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። መጠናቸው እኩል መሆኑን አይተህ ሁለቱን ፎቶዎች ጊምፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ በሁለት ሌየር ደርባቸው። የላይኛውን ሌየር ሞድ ወደ `Difference` ቀይረው። ያልተነካው ቦታ ድፍን ጥቁር ይሆናል። ብርሃኑን ጨምረህ የልጅህ ፊት መስመር ብቅ ካለ፣ ፊቱ ተነክቷል ማለት ነው። ያኔ `Difference`ን ወደ `Normal` መልሰህ፣ ዋናውን ከታች፣ አዲሱን ከላይ አድርግና በሌየር ማስክ ከአዲሱ ግድግዳውን ብቻ አሳይ። ስታስቀምጥ ፒኤንጂ ይሁን። ጄፔግ እንደገና ሲቀመጥ ሙሉውን ፎቶ ይነካካዋል፣ ድካምህም ውኃ በላው።

«አዲሱ ቦታ ጠርዙ እንደ ጥፍጥፍ ያስታውቃል።»

የቀባሽውን ቦታ ጠርዝ የሚያደበዝዘው `Mask blur` ብዙ ጊዜ 4 ላይ ነው የሚገኘው። ለትልቅ ፎቶ ያንሳል። 12 ወይም 16 ሞክሪ።

«የአባቴ የድሮ ፎቶ ተቀዶ አንድ ዓይኑ የለም። ይመለስልኛል?»

ዓይን ይመጣል፣ የአባትዎ ግን አይሆንም። ማሽኑ እሳቸውን አያውቃቸውም። አምስት ጊዜ ቢያስሞክሩት አምስት ዓይነት ዓይን ያወጣል፤ ሁሉም ያምራሉ፣ ያስፈራኝም ይሄው ነው። ኮቱንና ከጀርባቸው ያለውን ግድግዳ ያስጠግኑ፤ እዚያ ላይ ስህተቱ አይጎዳም። ለዓይኑ ሌላ ፎቷቸውን ይፈልጉ። ከጠፋ የደህናውን ዓይን ቅጂ ገልብጦ በእጅ መለጠፍ ይሻላል፤ ቢያንስ የራሳቸው ነው። የተቀደደውን ስካን ደግሞ እንዳለ ለብቻው ያስቀምጡት።