ኃላፊው የሚቆጥረው ቀን ነው

«በዚህ ወር በ3 ትርፍ አንጀቴ በኦፕራሲዮን ወጣ። በ5 ከሆስፒታል ወጣሁ፤ ዛሬ 7 ነው። የማጠቃለያ ፈተናዎቼ በ10፣ በ12 እና በ15 ናቸው። ሦስቱም እንዲራዘሙልኝ ለትምህርት ክፍል ኃላፊው ልጽፍ አስቤያለሁ። ክፍያዬን የሚችልልኝ ታላቅ ወንድሜ ግን “ተደግፈሽም ቢሆን ገብተሽ ተፈተኚ፤ ብትዘገዪ ማን ይከፍላል?” ይለኛል። ሐኪሙ የጻፈልኝ የ7 ቀን ዕረፍት ብቻ ነው። ጓደኛዬ የ2 ሳምንት የሚጽፍልሽ ክሊኒክ አውቃለሁ ትላለች። ደብዳቤው ላይ ምን ልበል? ምን ማስረጃስ ላያይዝ? ለልምምድ ሥራ ያመለከትኩበት ድርጅትም ውጤቴን በወሩ መጨረሻ ይፈልጋል። አንዳንዴ ደግሞ ትምህርቱን ራሱን ብቀይረውስ እላለሁ።»

እህቴ፣ እንኳን እግዜር ማረሽ። መጀመሪያ ወንድምሽን ላናግረው።

ወንድሜ፣ ሒሳቡን ገልብጠኸዋል። የተራዘመ ፈተና የሚያዘገየው ጥቂት ሳምንት ነው፤ ቢበዛ እስከሚቀጥለው የፈተና ጊዜ። የወደቀ ኮርስ ግን እንደገና ተመዝግበው የሚማሩት፣ እንደገና የሚከፍሉበት ነው። ኮርሱ በዓመት አንዴ የሚሰጥ ከሆነ ዓመት ይጠበቃል። ለሌላ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ ከሆነማ ያንንም አብሮ ይዞ ይቆማል። ገንዘብህን የምትቆጥበው እህትህ ስትድን ስትፈተን ነው።

ይህን ያህል የምቆጣው በራሴ ስለደረሰ ነው። ተማሪ ሳለሁ ትኩሳት ይዞኝ ፈተና ገባሁ። የ2ኛውን ጥያቄ መልስ 3ኛው ላይ፣ የ3ኛውን 2ኛው ላይ ጽፌ ወጣሁ። ውጤቱ ሲመጣ የሐኪም ወረቀት ይዤ ኃላፊው ዘንድ ሮጥኩ። ወረቀቱን አላነበበውም። «ተፈትነሻል እኮ» አለኝ። በብዙ ተቋማት ደንቡ እንዲህ ነው፤ የፈተና ወረቀቱን ከተቀበልሽ ለመፈተን ጤና አለኝ ብለሽ እንደፈረምሽ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ማስረጃ ክብደቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ ማመልከቻው ከፈተናው በፊት መግባት አለበት። ያንቺ ደግሞ 3 ቀን ነው የቀረው።

ከምረቃ በኋላ የመጀመሪያ ሥራዬ የአንድ ትምህርት ክፍል ጸሐፊነት ነበር። እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎችን እየከፈትኩ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ የማስቀምጠው እኔ ነበርኩ። ተማሪው ስለ ሕመሙ ሁለት ገጽ ይጽፋል። ኃላፊው ያንን ይዘልና ወደ ሐኪሙ ወረቀት ይሄዳል። በአንድ እጁ የዕረፍቱን ቀን፣ በሌላው የፈተናውን ፕሮግራም ይዞ ይቆጥራል። ምን ያህል አሞሽ እንደነበር አይመዝንም፤ የሚያየው ቀኖቹ መገጣጠማቸውን ነው።

እስቲ ያንቺን እንቁጠር። ዕረፍቱ ከ5 ጀምሮ 7 ቀን ነው። 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9፣ 10፣ 11። አለቀ። የ10ሩን ፈተና ይሸፍናል። የ12ቱ በአንድ ቀን ያመልጠዋል። የ15ቱን ጭራሽ አይነካውም። ሦስቱም ይራዘሙልኝ ብለሽ ይህን ወረቀት ብታያይዢ፣ ኃላፊው «ሁለቱ ማስረጃ የላቸውም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። አንዱን ሊፈቅድልሽ የነበረው ሰው ሦስቱንም ይጠራጠራል።

መውጫው ጓደኛሽ ያለችው ክሊኒክ አይደለም። ያላከመሽ ሰው የጻፈው ወረቀት ሐሰተኛ ማስረጃ ነው። እኔ ራሴ የካርድ ቁጥር ይዤ ጤና ተቋም እየደወልኩ አጣርቻለሁ። ሲያዝ የፈተናው ጉዳይ ይቀርና የዲሲፕሊን ጉዳይ ይሆናል፤ እስከ መባረር ያደርሳል። «7» የሚለውን በእስክሪብቶ «17» ማድረግም ያው ነው። ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ደግሞ እውነት ቢሆን እንኳ አይታመንም።

አሁን የምትጠይቂው የ10ሩን ፈተና ብቻ ነው። የቀሩትን ለሐኪሙ ተያቸው። በኦፕራሲዮን ሳምንት ገደማ ቁስሉ መታየቱ፣ ክር ካለውም መውጣቱ የተለመደ ነው። ቀጠሮሽን እዪው። ከ12 በፊት ካልሆነ ደውለሽ ወደ 11 እንዲያመጡልሽ ጠይቂ። እዚያ ስትደርሺ «የ2 ሳምንት ጻፍልኝ» እንዳትዪ። ያለሽበትን ንገሪው። ፈተናው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ተቀምጠሽ ምን ያህል መቆየት እንደምትችዪ፣ ስትስዪ ወይም ስትነሺ እንዴት እንደሚያምሽ፣ የሕመም ማስታገሻው እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሽ እንደሆነ። ዕረፍቱን የሚያራዝመው ይህን መዝኖ ነው። ካራዘመ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» ብሎ እንዲጽፈው ለምኚው፤ «ለጥቂት ቀናት» የሚል ቃል ለሚቆጥር ሰው አይሆንም። ለ15ቱ ደርሰሻል ካለሽ ደግሞ ግቢና ተፈተኚ። ያለ ውስብስብ ነገር ከዳንሽ በ12ኛ ቀንሽ መቀመጥ የማይሆን ነገር አይደለም።

ደብዳቤው ከዚህ አይርዘም፦

ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በሕክምና ምክንያት የፈተና ጊዜ እንዲራዘምልኝ ስለመጠየቅ

ስሜ ከላይ የተጠቀሰው፣ በመታወቂያ ቁጥር … የተመዘገብኩ ተማሪ ነኝ። በዚህ ወር በ3 የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ በ5 ከሆስፒታል ወጥቻለሁ። ሐኪሙ ከ5 እስከ 11 ዕረፍት ሰጥቶኛል። በዚህ ምክንያት በ10 የሚሰጠውን የ… ኮርስ ፈተና መውሰድ ስለማልችል፣ ሳገግም በሌላ ቀን እንድፈተን እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። በ11 የክትትል ቀጠሮ አለኝ። በ12 እና በ15 ያሉትን ፈተናዎች መውሰድ እችል እንደሆነ ሐኪሙ በጽሑፍ ሲገልጽልኝ በዚያው ቀን አቀርባለሁ።

አባሪ፦
1. የሐኪም የዕረፍት ማስረጃ፣ 1 ገጽ
2. ከሆስፒታል የወጣሁበት ማጠቃለያ፣ 1 ገጽ
3. የ11 ቀጠሮ ወረቀት ኮፒ
4. የፈተና ፕሮግራም ኮፒ
5. የተማሪ መታወቂያ ኮፒ

ግልባጭ፦ ለኮርሱ መምህር

ሙሉ ስምሽን ከላይ፣ ፊርማሽን፣ ቀኑንና ስልክሽን ከታች አትርሺ። ኃላፊው ብዙ ጊዜ ብቻውን አይወስንም። አስተያየቱን ጽፎበት ወደ ኮሚቴ ወይም ወደ ሬጅስትራር ይልከዋል። ስለዚህ ደብዳቤሽ ፊትሽን አይቶ የማያውቅ ሰው አንብቦ የሚገባው መሆን አለበት። የአባሪዎቹን ቁጥር ደብዳቤው ላይ መጻፍ ደግሞ ይጠቅምሻል፤ በመንገድ አንዱ ወረቀት ቢጎድል አላያያዘችም አይሉሽም።

የዕረፍት ማስረጃውን ከመላክሽ በፊት ቁጭ ብለሽ እዪው። ስምሽ መታወቂያሽ ላይ እንዳለው ተጽፏል? አንድ ፊደል ተቀይሮ የተመለሰ ማመልከቻ አይቻለሁ። የካርድ ቁጥር፣ የተጻፈበት ቀን፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ፣ የተቋሙ ማህተም አለው? የጎደለ ካለ ዛሬውኑ የጻፈው ተቋም ያስተካክለው። የተጻፈበት ቀን ከታከምሽበት ጋር መቀራረቡ በጣም ይታያል። ፈተናው ካለፈ በኋላ «ያኔ አሟት ነበር» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ደካማ ነው።

ሌላውን ቤትሽ ተዪው። የላብራቶሪ ውጤት፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የቁስሉ ፎቶ አያስፈልግም። ይህ የግል ገመናሽ ነው፤ ወረቀቱ በስንት እጅ እንደሚያልፍ እኔ አውቃለሁ። አንድ ልጅ የራጅ ፊልም በትልቅ ፖስታ ይዞ መጥቶ ነበር። ኃላፊው ወደ መስኮቱ ወስዶ፣ ገልብጦ ይዞ፣ በቁም ነገር ሲያየው ቆየ። ኢንጂነር ነበር ሰውዬው። በኋላ «የሐኪም ወረቀቱ የታል?» አለ። ልጁ አላመጣም።

ሁለት ኮፒ አድርጊ። አንዱ ገቢ ይሆናል፤ ሌላው ላይ የገባበትን ቀንና ማህተም ታስመቺና አንቺ ዘንድ ይቀራል። እኔ ሳላውቅ ወረቀት ጠፍቶ ያውቃል፤ እኔ እያወቅሁም ጠፍቶ ያውቃል። ማህተም ያለበት ኮፒ የያዘ ተማሪ ተከራክሮ ያሸንፋል፤ «ሰጥቼ ነበር» የሚል ብቻ ግን አይሰማም። በኢሜይል የምትልኪም ከሆነ ሁሉንም በአንድ ፋይል አድርጊና «ደርሶናል» የሚል መልስ እስክታገኚ አትመኚ። በፈተናው ዋዜማ እስከ ከሰዓት ድረስ መልስ ካልመጣ ደውዪ። በቃል «እሺ፣ ችግር የለም» ቢሉሽም በጽሑፍ ጠይቂ። የፈተናው ዕለት ጠዋት ደግሞ መምህሩ እጁ ላይ ግልባጩ መኖሩን አረጋግጪ፤ ያለበለዚያ ያለ ምክንያት እንደቀረ ተማሪ ዜሮ ሊሞላብሽ ይችላል።

ስለ ልምምድ ሥራው፣ ለድርጅቱ ዛሬ አጭር መልእክት ላኪ። አንድ ፈተናሽ በሕክምና ምክንያት ሊራዘም እንደሚችል ንገሪያቸውና ያለሽን ውጤት በቀኑ አድርሺ። ሲፈቀድልሽ ከሬጅስትራር «ውጤቷ በመጠባበቅ ላይ ነው» የሚል ወረቀት ጨምሪበት። ስለ በሽታው አይነት ለእነሱ መንገር የለብሽም።

ትምህርት መቀየሩን ደግሞ ቁስሉ ሲድን ጻፊልኝ።

ደብዳቤውን ይዞ የሚሄደው ያ ወንድምሽ ይሁን። ነገ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት እዚያ ይድረስ። አንቺ የፈረምሽበት የውክልና ወረቀትና የመታወቂያሽን ኮፒ ይያዝ። ኮፒው ላይ ማህተም ሳያስመታ እንዳይመለስ።