የፍሳሽና የጭስ ገደብ ሰንጠረዥ ስትተረጉሚ ከግርጌ ማስታወሻው ጀምሪ

«ጤና ይስጥልኝ። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተመርቄ በትርጉም ሥራ ነው የምተዳደረው። አንድ አማካሪ ድርጅት የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሰነድ ወደ አማርኛ እንድመልስለት ጠይቆኛል። ስለ አካባቢው ነዋሪዎች የሚያወራው ክፍል አያስቸግረኝም። የፍሳሽ፣ የጭስ ልቀትና የክትትል ገደብ የሚሉት ክፍሎች ግን ቁጥርና ምልክት ብቻ ናቸው። ከኬሚስትሪ ጋር የተለያየሁት ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው። ልቀበለው ወይስ ይቅርብኝ? ከተቀበልኩስ ከየት ልጀምር?»

ተቀበዪው። ዋጋውን ግን በቃል ብዛት እንዳትስማሚ። አንድ ገጽ የገደብ ሰንጠረዥ ጥቂት ቃል ብቻ ይኖረውና ግማሽ ቀን ይበላሻል። ለእነዚህ ክፍሎች በሰዓት ወይም በገጽ ተዋዋዪ። የድርጅቱ የአካባቢ መሐንዲስም ጥያቄሽን እንዲመልስልሽ ከመጀመሪያው በውሉ ይግባ። ኬሚስትሪ አለማወቅሽ ያን ያህል አይጎዳሽም፤ የሚጎዳው ቁጥሩን ገልብጦ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ማለፍ ነው።

ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው የዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን መመሪያ ነው። በእሱ መሠረት ታክሞ የሚለቀቀው ፍሳሽ ፒኤች ከ6 እስከ 9፣ ባክቴሪያ የሚበላው ቆሻሻ መለኪያ ቢኦዲ 30፣ በኬሚካል የሚቃጠለው ቆሻሻ መለኪያ ሲኦዲ 160፣ በውሃው ውስጥ የተንጠለጠለ ጠጣር 50 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ይህን ለመገልበጥ ተርጓሚ አያስፈልግም። ሥራሽ ያለው ከሰንጠረዡ ጋር በሚሄደው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፦ ደረጃው ፍሳሹ ሳይቀጥን መሟላት አለበት፣ ፋብሪካው በዓመት ከሚሠራበት ሰዓት ቢያንስ 95 በመቶው ውስጥም መጠበቅ አለበት። «ሳይቀጥን» የሚለው ቃል ከአማርኛው ከወደቀ፣ ሲኦዲው 320 የሆነ ፋብሪካ አንድ እጥፍ ንጹሕ ውሃ ጨምሮበት ሕጋዊ ነኝ ሊል ይችላል። ወንዙ የሚደርሰው የብክለት መጠን ግን ያው ነው።

የሙቀቱ ረድፍም አለ። «ከ3 ዲግሪ በታች» ተብሎ ተተርጉሞ ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ፋብሪካው በረዶ ነው የሚለቀው ማለት ነው። የተባለው፣ ፍሳሹ ከወንዙ ጋር ተቀላቅሎ በሚያልቅበት ወሰን ላይ የውሃው ሙቀት ከ3 ዲግሪ በላይ እንዳይጨምር ነው። ጭማሪ መሆኑንም፣ የሚለካበትንም ቦታ ጻፊ።

ጭሱ ላይ ደግሞ ማስታወሻው ብቻውን ፋብሪካውን አላፊ ወይም ወዳቂ ያደርገዋል። ፈሳሽ ነዳጅ ለሚያነድ፣ የሙቀት አቅሙ ከ3 እስከ 50 ሜጋዋት ለሆነ ቦይለር የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ገደብ 460 mg/Nm³ ነው። ማስታወሻው «ደረቅ ጋዝ፣ 3 በመቶ ኦክስጅን» ይላል። አሁን የጭስ ማውጫው ላይ ተለክቶ 400 ተገኘ እንበል፤ ሲለካ ጭሱ ውስጥ የነበረው ኦክስጅን 7 በመቶ ነበር። ማስታወሻው ካልተተረጎመ አንባቢው 400ን ከ460 ጋር አስተያይቶ «አልፏል» ይላል። ስሌቱ ግን እንዲህ ነው፦

```
400 × (21 − 3) ÷ (21 − 7) = 514
```

514 ከ460 ይበልጣል፤ ፋብሪካው ወድቋል። 21 በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን መቶኛ ነው። ቦይለሩ ትርፍ አየር በሳበ ቁጥር ጭሱ ስለሚቀጥን ልኬቱ ወደ አንድ የጋራ መሠረት ይመለሳል። ፍሳሽ ላይ ውሃ መጨመር የተከለከለበት ምክንያት ጭስ ላይ በዚህ ስሌት መጣ ማለት ነው። mg/Nm³ ውስጥ ያለችው N ኒውተንም ናይትሮጅንም አይደለችም፤ ጋዙ ወደ 0 ዲግሪና ወደ መደበኛ የከባቢ አየር ግፊት ተመልሶ የተሰላ ኪዩቢክ ሜትር ማለት ነው። 180 ዲግሪ የሞቀ ጭስ ወደ 0 ዲግሪ ሲመለስ ከሚኖረው መጠን 1.66 እጥፍ ያህል ቦታ ይይዛል። ስለዚህ N ስትወድቅ ገደቡ በዚያው ልክ ይላላል። ምልክቱን እንዳለ ተዪው፤ መጀመሪያ በመጣበት ቦታ ግን በአንድ መስመር አብራሪው።

ቃላቱን ከራስሽ አታመንጪ። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጆች በነጋሪት ጋዜጣ በሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን ታትመዋል፤ ሲጋጩ የሚጸናው አማርኛው ነው። እንግሊዝኛው ሰነድ አዋጅ 299/2002 እና 300/2002 ሲል አማርኛው 299/1995 እና 300/1995 ነው። 2002ን እንዳለ ከገለበጥሽ አንባቢው በ2002 ዓ.ም. የወጣ ሌላ አዋጅ ይፈልጋል። «ፍሳሽ» የምንለውም በአማርኛ ብዙ ነገር ይሸከማል፦ ከማቅለሚያው ወጥቶ ወደ ማከሚያው የሚገባውም፣ ታክሞ ወደ ወንዝ የሚወርደውም፣ የሠራተኛው መጸዳጃ ቤት ውሃም ፍሳሽ ነው። ገደቡ የሚመለከተው የትኛውን እንደሆነ በየረድፉ «ወደ ማከሚያው የሚገባ»፣ «ታክሞ የሚወጣ» እያልሽ ለዪው፤ ቢረዝምም ይርዘም።

የክትትሉ ክፍል ቃላቱ ቀላል ናቸው፤ ወጥመድ ግን አያጣም። በአንድ ጊዜ የተቀዳ ናሙናና በ24 ሰዓት ውስጥ እየተቀዳ የተጠራቀመ ናሙና የተለያዩ ናቸው፤ ማቅለሚያ ቤት የቀለም ገንዳውን የሚደፋበት ሰዓት ስላለው፣ ያን ሰዓት ያለፈ ነጠላ ናሙና ንጹሕ መስሎ ይወጣል። የላቦራቶሪ ውጤት ላይ «<0.01» ካየሽ «የለም» ብለሽ አትተርጉሚው። መሣሪያው ከዚያ በታች መለየት አልቻለም ማለት ነው። ናሙናው በጠዋቱ 6 ሰዓት ይቀዳል የሚለውም በእኛ 12 ሰዓት ነው።

ዋናው ሰነድ ራሱ ሊሳሳት ይችላል። በአንድ ናሙና ላይ ቢኦዲ 250፣ ሲኦዲ 160 ካገኘሽ ቁሚ። ቢኦዲ ባክቴሪያ በአምስት ቀን የሚበላውን፣ ሲኦዲ ኬሚካሉ የሚያቃጥለውን ይለካል፤ ኬሚካሉ ባክቴሪያው የሚበላውንም የማይበላውንም ስለሚያቃጥል ሲኦዲው ማነስ የለበትም። ወይ ረድፍ ተቀያይሯል ወይ ቁጥር ተሳስቷል። ዝም ብለሽ አታስተካክዪው፤ በዝምታም አታሳልፊው። አማርኛውን እንዳለ ትተሽ ለመሐንዲሱ እንዲህ ብለሽ ላኪለት፦ «ገጽ 84፣ ረድፍ 3፦ ቢኦዲ ከሲኦዲ በልጧል። ትክክለኛው የትኛው ነው?» «ሰንጠረዡ ግልጽ አይደለም» የሚል ጥያቄ መልስ አያገኝም፤ ገጽና ረድፍ ያለው ግን በዕለቱ ሊመለስልሽ ይችላል።

ስትጨርሺ አንድ ሰው ዋናውን ይዞ ቁጥሩን፣ ምልክቱንና መለኪያውን ጮክ ብሎ ያንብብልሽ፤ አንቺ አማርኛውን ተከተዪ። ምንጩ ከቱርክ ወይም ከጀርመን ኩባንያ ከመጣ «0,5» ዜሮ ነጥብ አምስት፣ «1.000» ደግሞ አንድ ሺህ መሆኑን እዚህ ላይ ታጣሪዋለሽ። የጥያቄና መልሱን ዝርዝር ከትርጉሙ ጋር አያይዘሽ አስረክቢ። የፋብሪካውን ስም አጥፍተሽ፣ ድርጅቱ ከፈቀደ፣ የዚህን ዝርዝር አንድ ገጽ ለቀጣዩ ቀጣሪ ናሙና አድርጊው፤ ሌላ አማካሪ ድርጅት ከዲግሪሽ በፊት የሚያየው እሱን ነው።